ቪፒኤን ጌም ያፈጥናል? መልሱ ያለው መንገዱ ላይ ነው

በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፍት ባሉበት ጊዜ፣ ቪፒኤን የሚለው ቃል ከኮምፒውተር ባለሙያዎች አፍ ወጥቶ የታክሲ ወሬ ሆነ። እገዳው ሲነሳ ብዙ ሰው አፑን ከስልኩ አጠፋው። ፐብጂ የሚጫወቱ ብዙ ልጆች ግን አላጠፉትም። ግማሾቹ «ቪፒኤን ፒንግ ይቀንሳል» ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ጭራሽ ይገድላል» ብለው ይምላሉ። የሚገርመው ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚህ ጉዳይ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ለሳምንታት ተከራክሯል። ሁለቱም የሚጫወቱት በመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር ነው፤ ኢንተርኔት አቅራቢያቸውም አንድ ነው፤ የከፈሉበት ቪፒኤንም አንድ ነው። ያለ ቪፒኤን የሁለቱም ፒንግ 170 አካባቢ ነበር። ተማሪው ቪፒኤኑን ሲያበራ ወደ 110 ወረደለት፤ የጎረቤቱ ግን 240 ገባ። ፒንግ ማለት ከስልኩ የተላከ መልእክት ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፣ በሚሊ ሰከንድ። በ240 የሚጫወት ሰው ግድግዳ ጀርባ ተደብቄያለሁ ብሎ ሲያስብ ይሞታል፤ ሰርቨሩ ገና መደበቁን አልሰማምና።

ነገሩን ለመረዳት የሚያስፈልገው ቀላል ሒሳብ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ደርሶ መልሱን ስናስብ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር 1 ሚሊ ሰከንድ ያስከፍላል። ከአዲስ አበባ ባሕሬን በቀጥታ መስመር 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኬብሉ ግን በአየር አይሄድም፤ ጅቡቲ ወርዶ፣ የዓረብን ልሳነ ምድር ዞሮ ቢደርስ እንኳ 40 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይበቃው ነበር። ታዲያ 170 ከየት መጣ?

ከአውሮፓ ነው የመጣው። ኢንተርኔት አቅራቢዎች መንገድ የሚመርጡት በካርታ ሳይሆን በውል ነው። ትራፊክ የሚለዋወጡት ከማን ጋር እንደተዋዋሉና ለማን እንደሚከፍሉ ያያሉ። የአዲስ አበባው አቅራቢ ከባሕረ ሰላጤው ድርጅት ጋር በቅርብ ቦታ የማይገናኝ ከሆነ፣ መልእክቱ በቀይ ባሕር ሽቅብ ወጥቶ፣ ግብፅን አቋርጦ፣ ማርሴይ ወይም ፍራንክፈርት ደርሶ፣ እዚያ ከሌላው ድርጅት ጋር ተገናኝቶ በመጣበት ባሕር ይመለሳል። ጎረቤት ቤት ለመሄድ በሌላ ክፍለ ከተማ እንደመዞር ነው። መንገዱ ወደ 15,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ 150 ሚሊ ሰከንድ በዚህ ብቻ ያልቃል።

ቪፒኤን የሚለውጠው ይህንን ነው፤ ከዚህ በላይ ምንም አያደርግም። ብርሃንን አያፈጥንም፣ የኬብሉን ርዝመትም አያሳጥርም። መልእክቱ በቀጥታ ወደ ጌሙ ሰርቨር ከመሄድ ይልቅ መጀመሪያ ወደ ቪፒኤኑ ሰርቨር፣ ከዚያ ወደ ጌሙ እንዲሄድ ያደርጋል። ስለዚህ አዲሱ ፒንግ የሁለቱ እግሮች ድምር ነው። ድምሩ ከቀድሞው ካነሰ ቪፒኤኑ ጠቀመ፤ ከበለጠ ጎዳ። ማስታወቂያው ላይ «ለጌመሮች» ተብሎ መጻፉ ድምሩን አይለውጠውም።

ተማሪው የታላቅ ወንድሙን ላፕቶፕ ተውሶ በዚያው ዋይፋይ ላይ መንገዱን አየ። የጌሙን ሰርቨር አድራሻ ስላላወቀ፣ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2019 ባሕሬን ውስጥ የከፈተውን የመረጃ ማዕከል እንደ ምትክ ተጠቀመ፦

```
tracert dynamodb.me-south-1.amazonaws.com
```

ትእዛዙ መልእክቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በተራ ይዘረዝራል። የመጀመሪያው መስመር የቤቱ ራውተር ነው፤ 2 ሚሊ ሰከንድ። (እዚያው 40 ወይም 60 ቢል ኖሮ ችግሩ የቤቱ ዋይፋይ ነው፤ ምንም ቪፒኤን አያድነውም።) ቀጥሎ ጥቂት የአገር ውስጥ መስመሮች፣ ከዚያ ድንገት ወደ 95 ዝላይ። የራውተሩ ስም ውስጥ mrs የሚል አለ፤ የማርሴይ አየር ማረፊያ ኮድ ነው። ከዚያ በታች ያሉት መስመሮች ሁሉ ከ95 በላይ ሆነው ቀጠሉ። ይህ ማስተዋል የሚገባው ነው፦ አንድ መስመር ብቻውን ከፍ ብሎ የሚቀጥለው ከወረደ፣ ያ ራውተር ለመመለስ ሰነፈ ማለት ነው እንጂ መንገዱ ረዝሟል ማለት አይደለም። ከፍታው እስከ ታች ከዘለቀ ግን እውነተኛ ርቀት ነው። የመጨረሻዎቹ መስመሮች ኮከብ ብቻ ቢያሳዩም አያስደነግጥም፤ ብዙ ሰርቨሮች ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይመልሱም።

ከዚያ ቪፒኤኑን ዱባይ ላይ አድርጎ ደገመው። አሁን የመጀመሪያው መስመር ራሱ 95 አለ፤ ቪፒኤን ሲበራ የመጀመሪያው እግር በሙሉ እንደ አንድ መስመር ነውና የሚታየው። ከዱባይ ባሕሬን ደግሞ 15። ድምሩ 110። የዱባዩ ቪፒኤን ሰርቨር ያለበት ድርጅት ከአዲስ አበባው አቅራቢ ጋር አውሮፓ ሳይወጣ የሚገናኝበት መንገድ ነበረው ማለት ነው። ጎረቤቱስ? አፑ ራሱ እንዲመርጥለት ትቶት ነበር፤ አፑም አምስተርዳምን መረጠለት። 135 እስከ አምስተርዳም፣ 105 ደግሞ ከአምስተርዳም ወደ ባሕሬን። ይኸው 240።

ተማሪው ግን ድሉን አብዝቶ ሊያከብር አልቻለም። ጓደኞቹ በአውሮፓ ሰርቨር እንጫወት ሲሉት፣ ያለ ቪፒኤን 130 የነበረው በዱባይ በኩል 215 ሆነበት። ያው ቪፒኤን፣ ያው ዱባይ። ቀጥታው መንገድ ድሮም ደህና ከሆነ ማንኛውም ማቆሚያ ዙር ነው።

እገዳ ሲኖር ደግሞ ሒሳቡ ይበላሻል። ዮርዳኖስና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2019 ፐብጂን ሲያግዱ፣ ለተጫዋቹ ቪፒኤን የመግቢያ በር እንጂ የፍጥነት ጉዳይ አልነበረም፤ 200ም ቢሆን ከዜሮ ይሻላል። አቅራቢው ቪፒኤኑን ራሱን ሲያግድ ግን የከፋ ነገር ይመጣል። ጌም የሚልከው በዩዲፒ ነው፤ የጠፋ መልእክት ከጠፋ ጠፋ፣ አዲሱ ይቀጥላል። እንደ ዋየርጋርድ ያሉ ፈጣን ቪፒኤኖችም ዩዲፒ ናቸው። ይህ ሲዘጋ አፑ በዝምታ ወደ ቲሲፒ ይዞርና፣ 443 በሚባለው የድረ ገጽ በር ተራ ድረ ገጽ መስሎ ያልፋል። ቲሲፒ ደግሞ አንድም መልእክት እንዲቀር አይፈቅድም፤ የጠፋው ተመልሶ እስኪላክ ከኋላው ያለው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ለማንበብ ይህ መልካም ነው። ለጌም ግን ፒንጉ 120 ይልና በየጥቂት ሰከንዱ 600 ይዘላል፤ ጠላት በረዶ ሆኖ ይቆምና ድንገት ከኋላ ይገኛል። አማካዩ ጥሩ ሆኖ ጨዋታው የሚንቀጠቀጥበት ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የአፑን ፕሮቶኮል ማስተካከያ ነው። ከእገዳው የማምለጥ ችሎታው የሚወደስለት ቪፒኤን ለጌም የመጨረሻው ምርጫ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

በ2015ቱ እገዳ ወቅት የብዙ ልጆች ላግም ከዚህ የመጣ ይመስላል። ቴሌግራም ለመክፈት የበራው ነፃ ቪፒኤን ሳይጠፋ ጌሙ ይከፈታል፤ ያልታገደው ጌም ከታገደው ቴሌግራም ጋር አብሮ አምስተርዳም ይጓዛል። ብዙዎቹ አፖች ግን የትኛው አፕ በቪፒኤን እንዲያልፍ፣ የትኛው በቀጥታ እንዲሄድ መለያ ቦታ አላቸው፤ አንድሮይድ ላይ ቅንብሩ ውስጥ የአፖች ዝርዝር ሆኖ ይገኛል። ጎረቤቱ ልጅ በመጨረሻ ያደረገው ይህንን ነው፤ ፐብጂን ከዝርዝሩ አውጥቶ ወደ 170ው ተመለሰ። ዱባይን እንዲመርጥ ተማሪው ቢነግረውም አልሰማውም።