ሁለት መቶ ካሬ

ደላላው በስልክ የነገረኝ አራት ነገር ነው፤ «200 ካሬ፣ መኪና በሩ ድረስ የሚገባ፣ ውሃና መብራት ያለው፣ ካርታ ያለው።» ቦታው ደብረ ብርሃን ዳርቻ ነው። ብሩ የእህቴ ነው፤ ቤይሩት ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ያጠራቀመችው። «አንተ ካየኸው እኔ አየሁት ማለት ነው» ብላ በድምፅ ላከችልኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሜትር ይዤ ሄድኩ። ደላላው ሳቀብኝ። ወርዱ ልክ 10 ሜትር ነው። ርዝመቱ ግን 20 መሆን ሲገባው 18 ከ60 ወጣ። 186 ካሬ ማለት ነው። የጎደለው 14 ካሬ አንድ ደህና መኝታ ቤት ይወጣዋል። «ካርታው ላይ 200 ነው የሚለው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይላል። ችግሩ እህቴ ቤት የምትሠራው ካርታው ላይ አይደለም።

ካርታው ላይ የአራቱ ማዕዘኖች ቁጥር ኤክስና ዋይ ተብሎ ተጽፏል። ማታ ስልኬ ላይ ሳስገባው ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ርቆ የሰው ገብስ መሃል አረፈ። በቃ ተበላን ብዬ ነበር። በማግስቱ ያመጣሁት ቀያሽ ካርታው ግርጌ በደቃቅ የተጻፈውን «አዲንዳን» የሚል ቃል አሳየኝ። የድሮ የቅየሳ መነሻ ነው፤ ስልኮቻችን የሚጠቀሙት ሌላ ነው። ያው አንድ ቁጥር በሁለቱ ሁለት ቦታ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቁጥሩን እንዲሁ ስልክ ላይ ከትቶ «ልክ ነው» ወይም «የውሸት ነው» ማለት አይቻልም። ቀያሹ በመሣሪያው ለክቶ ችካል ሲተክል የኋለኛው ጎረቤት አጥር 1 ሜትር ከ40 ወደ እኛ ገብቶ ተገኘ። ቦታውን የሚገዛ ሰው ያንን ጠብም አብሮ ይገዛል።

መኪና ይገባል የተባለው ባጃጅ ነው። አጠገቡ ቤት የጀመሩ ሰውዬ እንደነገሩኝ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ኩርባው ላይ መታጠፍ ስለማይችል አስፋልቱ ዳር ይገለብጣል፤ ከዚያ በጋሪ ነው፣ ሁለተኛ ክፍያ። ፕላኑ ላይ መንገዱ 8 ሜትር ነው፤ መሬት ላይ ያለው 3 ሜትር ግድም። አንድ ቀን መንገዱ ሲከፈት የማን አጥር እንደሚፈርስ አስቀድሞ ማየት ይሻላል።

መብራቱ ደግሞ የጎረቤት ነው። «ከኔ ቆጣሪ ነው የጠለፉት፣ እሱም ይቆጠራል» አሉኝ እትዬ፣ ቡና እያፈሉ። የራስ ቆጣሪ ለማስገባት ቅርብ ያለው ምሰሶ ሩቅ ነው፤ በመሃል ስንት ምሰሶ እንደሚተከልና ወጪው የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ውሃው ቧንቧ አለው። ደጃቸው ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች አይቼ «ውሃ አለ?» ማለቱን ተውኩና «ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው?» አልኳቸው። ቀኑን ለማስታወስ ትንሽ አሰቡ።

ይህ ሁሉ በዋጋ ድርድር ያልቅ ነበር። ያላለቀው ካርታው ነው። እውነተኛ ካርታ ነው፤ ስሙም ከሻጩ መታወቂያ ጋር ይገጥማል። ግን የሊዝ ይዞታ ነው፣ ቦታው ላይ ደግሞ አንድ ድንጋይ አልተቀመጠም። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው ከሰው የሚገዛው ላዩ ላይ ያለውን ቤትና የመጠቀም መብቱን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ግንባታ ሳይጀመር ወይም ግማሹ ሳይደርስ መብቱን ማስተላለፍ የሚፈልግ ሰው በሚመለከተው አካል ክትትል በግልጽ ሥርዓት እንዲሸጥ ያዛል። ለሻጩ የሚደርሰው የከፈለው ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራው ካለ ዋጋው፣ ከመተላለፊያው ዋጋ ደግሞ 5 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው የመንግሥት ነው። ሻጩ በጓሮ መሸጥ የፈለገው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ደላላው መፍትሔ አለው። «አንድ ክፍል ቆርቆሮ እንመታና ቤት ነው እንላለን። እስከዚያ ውሉን እዚሁ በሦስት ምስክር እንፈራረም፤ ቀብዱን ዛሬ ጣል አድርግ።» ሚስቱስ ትፈርማለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ የጋራ ንብረት ከሆነ ያለ እሷ ስምምነት አይሸጥም። ሻጩ ወደ መሬት አየ። «እሷ ሌላ ቦታ ናት» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። በመንደር የተጻፈ ውል ደግሞ ውልና ማስረጃ ካልተመዘገበ፣ ነገ ሌላ ሰው ይኸንኑ ቦታ ገዛሁ ብሎ ቢመጣ እጄ ላይ የሚቀረው የሦስት ምስክር ስልክ ቁጥር ነው።

ማታ ለእህቴ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ከኋላዋ የሰው ልጅ ያለቅሳል።

«ብሩስ?» አለች።

«ባንክ ነው። አልነካሁትም።»

«እሺ፣ ሌላ ፈልግ። ሜትርህን እንዳትረሳ።»