«አደጋውን በግማሽ ይቀንሳል»፦ የስንቱን ግማሽ?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የልብ ሐኪሞች በአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ለዓመታዊ ጉባኤያቸው ተሰብስበው ነበር። ከዚያ የወጣው ዜና ባንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። ኮሌስትሮል የሚቀንስ አንድ ክኒን፣ ጤነኛ የሚመስሉና ኮሌስትሮላቸው እንኳ ከፍ ያላለ ሰዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም (ብዙዎቻችን «ኸርት አታክ» የምንለው) የመያዝ አደጋቸውን ከግማሽ በላይ ቀነሰ ተባለ። መድኃኒቱ ሮሱቫስታቲን ነው፣ በገበያ ስሙ ክሬስተር። ጥናቱም «ጁፒተር» ይባል ነበር።

ዜናው ውሸት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምለው፣ እንዲህ ያለ ነገር ስጽፍ ወዲያው «የመድኃኒት ኩባንያዎች ሴራ» የሚል አስተያየት ስለሚጎርፍልኝ ነው። ቁጥሩ በትክክል ተሰልቷል። ችግሩ «ግማሽ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም የማይነግረን መሆኑ ነው። ሱቅ ገብታችሁ «50 በመቶ ቅናሽ» የሚል ወረቀት ብታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት የዕቃውን ዋጋ ነው። የክብሪት ግማሽ ዋጋና የፍሪጅ ግማሽ ዋጋ አንድ አይደሉም። የጤና ዜና ላይ ስንደርስ ግን ዋጋውን መጠየቅ እንረሳለን፣ ቅናሹን ብቻ ይዘን እንሮጣለን።

እስቲ የጁፒተርን ዋጋ እንየው። ተመራማሪዎቹ ወደ 90 ሺህ ገደማ ሰው መርምረው 17,802 ሰዎችን መረጡ። ወንዶቹ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ሴቶቹ 60ና ከዚያ በላይ ናቸው። የልብ በሽታ የለባቸውም። ከሌላው ሰው የሚለዩት በደማቸው ውስጥ ሲአርፒ የሚባለው፣ የሰውነት መቆጣትን የሚጠቁም ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው። በዕጣ እኩል ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ 8,901 ሰዎች እውነተኛውን ክኒን፣ 8,901 ሰዎች ደግሞ መልኩ ያንኑ የመሰለ፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰዱ። በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው።

ባዶውን ክኒን ከወሰዱት 8,901 ሰዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የተያዙት 68 ናቸው። እውነተኛውን ከወሰዱት ደግሞ 31። ከ68 ወደ 31 መውረድ የ54 በመቶ ቅናሽ ነው። «ከግማሽ በላይ» የተባለው ይኸው ነው፣ ሐቅ ነው። ይህ አንጻራዊ ቅናሽ ይባላል፤ የታመሙትን ከታመሙት ጋር ብቻ ያነጻጽራል። ያልታመሙት ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ምናምን ሰዎች በስሌቱ ውስጥ የትም የሉም።

አሁን እነሱንም እናስገባቸው። 68 ከ8,901 ሲሰላ ከ1000 ሰው ወደ 8 ሰው ይጠጋል። 31 ከ8,901 ደግሞ ከ1000 ሰው ከ3 እስከ 4 ነው። ልዩነቱ ከ1000 ሰው 4 ሰው ገደማ ሆነ። ይህ ፍጹም ቅናሽ ይባላል። በመቶኛ ካስቀመጥነው ከ0.76 ወደ 0.35 ወረደ ማለት ነው፤ አንድ ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ ሠንጠረዥ የወጡ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም። አርዕስት ላይ የሚወጣው ግን ሁሌም 54ቱ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚቀለው ሌላ አቀማመጥ ነው። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት 37 ሰው ነው። 8,901ን ለ37 ስናካፍል 240 ይመጣል። 240 ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። ማንም ክኒን ባይወስድ በሁለት ዓመት ውስጥ ከመካከላቸው ሁለቱ ያህል በልብ ሕመም ይያዛሉ። ሁሉም በየቀኑ ቢወስዱ አንዱ ይያዛል። አንድ ሰው ተረፈ፤ «ግማሽ» የተባለውም እሱ ነው። የቀሩት 238ቱ ቢወስዱም ባይወስዱም በነዚያ ሁለት ዓመታት የልብ ሕመም አይነካቸውም ነበር። ክኒኑን ግን እኩል ውጠዋል።

ለዓመታት የውጭ የጤና ዜና ወደ አማርኛ ስመልስ ኖሬአለሁ። ይህን አቀማመጥ መጀመሪያ የሞከርኩት ጎረቤቴ በሆኑ ጡረተኛ መምህር ላይ ነው። ሴት ልጃቸው ከአሜሪካ «አደጋውን በግማሽ ይቀንሳል» የሚል ጽሑፍ ልካላቸው፣ ሐኪም ሳያዩ ክኒኑን ላስመጣ ወይስ ልተወው እያሉ ያመነቱ ነበር። የአዳራሹን ነገር ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «እና ልጄ፣ እኔ የተቀመጥኩበት አዳራሽ የቱ ነው?» አሉኝ። አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ነገሩን ከእኔ በተሻለ ያዙት። ጥያቄው ይኸው ነውና።

ምክንያቱም መድኃኒቱ አዳራሹ ሁሉ ውስጥ የሚቀንሰው ድርሻ ተቀራራቢ ቢሆንም፣ የሚቀንስለት አደጋ ግን ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ የልብ ሕመም አግኝቶት የተረፈ ሰው እንውሰድ። እንበልና የእሱ ቢጤዎች ከ100ው 20ው በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት እንደገና ይያዛሉ። መድኃኒቱ ከአደጋው ሩቡን ብቻ ቢቀንስ እንኳ ከ100 ሰው 5 ሰው አተረፈ፤ ከ1000 ሰው 50 ማለት ነው። ሩብ ከግማሽ ያንሳል፤ እዚህ ግን ከጁፒተር «ግማሽ» አሥር እጥፍ በላይ ሰው አድኗል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሐኪም ያዘዘለትን የልብ መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ካለ፣ ያነበበው ሌላ ጽሑፍ ነው ማለት ነው። በተለይ አንዴ የታመማችሁ፣ የእናንተ አዳራሽ የጁፒተሩ አይደለም።

ተቃራኒውን ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካና በፈረንሳይ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ነፍሰ ጡር እናቶች ዚዶቩዲን የተባለውን መድኃኒት እንዲወስዱ ተደረገ። ባዶ ክኒን ከወሰዱት እናቶች ከተወለዱት ሕፃናት 25.5 በመቶው ቫይረሱ ተገኘባቸው። መድኃኒቱን ከወሰዱት እናቶች ልጆች ደግሞ 8.3 በመቶው። አንጻራዊ ቅናሹ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ በአርዕስት ሲታይ ከጁፒተር 54 በመቶ ብዙም አይርቅም። ፍጹም ቅናሹ ግን ከ100 ሕፃን 17 ሕፃን ነው። ስድስት እናቶች መድኃኒቱን ሲወስዱ አንድ ልጅ ይተርፋል። በዚያ 240፣ በዚህ 6! ዛሬ ጤና ጣቢያዎቻችን ነፍሰ ጡሮችን ለኤችአይቪ የሚመረምሩት፣ በጣም የተሻሉ መድኃኒቶችም የሚሰጡት ከዚህ ግኝት በተከፈተ መንገድ ነው። ሁለቱን ዜናዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ በመቶኛው ብቻ ያነበበ ሰው፣ አንድ ዓይነት ዜና ይመስለዋል።

ወደ ጁፒተር ልመለስና አንድ ነገር ልጨምር። በመድኃኒቱ ቡድን ውስጥ በሐኪም ስኳር በሽታ የተገኘባቸው 270 ሰዎች ናቸው፣ በባዶው ክኒን ቡድን 216። በአንጻራዊ ቋንቋ የ25 በመቶ ጭማሪ ነው፤ በፍጹም ቋንቋ ከ1000 ሰው 6 ሰው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ዜና የሚያጭበረብረው፣ አንዳንዴም ጸሐፊው ሳያውቀው። ጥቅሙን «54 በመቶ ቀነሰ» ብሎ ጉዳቱን «ከ1000 ሰው 6 ላይ ብቻ ታየ» ይላል። ጥቅሙ በአንድ ሚዛን፣ ጉዳቱ በሌላ። በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ 4 ከልብ ሕመም የተረፉ፣ 6 ስኳር የተገኘባቸው ይሆናሉ። በእርግጥ የልብ ሕመምና የስኳር ምርመራ ውጤት እኩል ክብደት የላቸውም። ስትሮክም ከ64 ወደ 33 ወርዷል። የልብና የደም ሥር ችግሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲደመሩ ከ251 ወደ 142 ቀንሰዋል፣ ይህም ከ1000 ሰው 12 ያህል ነው። ለመድኃኒቱ የሚከራከር ሐኪም ያለምክንያት አይከራከርም። እኔ የምለው ሁለቱም ወገን በአንድ መስፈሪያ ይሰፈር ነው።

ፍጹም ቁጥርም ራሱ ያለ ጊዜ ትርጉም የለውም። ከ1000 ሰው 4 የተባለው ለሁለት ዓመት ያህል ነው። ክኒኑ ለአሥር ዓመት የሚወሰድ ከሆነ የሚተርፈው ሰው ይጨምራል፤ ተመራማሪዎቹም ወደ አምስት ዓመት ሲዘረጉት ከ251ና ከ142ቱ ዓይነት ችግሮች አንዱን ለማስቀረት 25 ሰው ማከም ይበቃል ብለው ገምተዋል። ግምት ነው፣ ምክንያቱም ጥናቱ ውጤቱ አመርቂ ነው ተብሎ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆሟል። ቁጥሩ አምሮ ሲታይ የሚቆም ጥናት ደግሞ ጥቅሙን ከእውነቱ አጋንኖ የማሳየት ዝንባሌ አለው፤ ሩጫውን ሯጩ በመራበት ዙር ላይ እንደማቋረጥ ነው። (ለጥናቱ ገንዘብ የሰጠው መድኃኒቱን የሚሠራው አስትራዜኔካ መሆኑንም ልብ በሉ፤ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ግን ይታወቅ።)

እንግዲህ «በግማሽ» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ ጽሑፉ ውስጥ የምትፈልጉት «ከስንት ወደ ስንት» የሚለውን ነው፣ ከዚያም በስንት ጊዜና በምን ዓይነት ሰዎች ላይ እንደሆነ። እነዚህ ከሌሉ ዋናው ጥናት አጭር መግለጫ ላይ አሉ፤ በሁለቱ ቡድኖች ስንት ሰው እንደነበረና ስንቱ እንደታመመ ከተጻፈ፣ የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

ነገሩ ወደ ማስፈራራትም ይዞራል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ፣ ሦስተኛው ትውልድ የሚባሉት የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ይጨምራሉ ሲል አስጠነቀቀ። እጥፍ የተባለው ከ7,000 ሴት በ1 ላይ የሚደርሰው በ2 ላይ መድረሱ ነበር። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቋረጡ። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ተጨማሪ 13,000 ያህል ጽንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ይገመታል። እርግዝና ራሱ ደግሞ ደም የማርጋት አደጋው ከነዚያ እንክብሎች ይበልጣል።