ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው

እሑድ ከትምህርት በኋላ ወንበር እየሰበሰብን ሳለ ከክፍሌ ወጣቶች አንዷ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። «መምህር፣ አማርኛውን ብቻ ይዩልኝ፤ ማመልከቻው ማክሰኞ ይዘጋል» አለች።

በአካውንቲንግ ከተመረቀች 14 ወር ሆኗታል። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ረዳት የሒሳብ ሠራተኛ እንደሚፈልግ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል፤ የማስታወቂያውንም ፎቶ በስልኳ ይዛለች። የሥራው ዝርዝር አጭር ነበር፤ በየወሩ የባንክ ማስታረቂያ ማዘጋጀት፣ የገቢና የወጪ ሰነዶችን ማደራጀት፤ ፒችትሪ የምትችል ወይም የሚችል ይመረጣል ይላል። ደብዳቤዋ ደግሞ እንዲህ ይጀምራል፦

«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው እኔ እጅግ ታታሪ፣ ታማኝ፣ በከፍተኛ ተነሣሽነት የምሠራና በሒሳብ ሙያ ጥልቅ ዕውቀት ያለኝ ባለሙያ ስሆን፣ ከሌሎች አመልካቾች ሁሉ የተሻልሁ በመሆኔ ድርጅታችሁን ወደ ላቀ ደረጃ እንደማደርስ በሙሉ ልብ አረጋግጣለሁ።»

ይህን የጻፈችው ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲጠየቅ አንገቷን የምትደፋው ልጅ ናት። ከጓደኛዋ ደብዳቤ እንደገለበጠችው ገባኝ። ጊዜም አልነበረኝምና «ትዕቢት ይመስላል፤ ትንሽ ትሕትና ጨምሪበት» ብያት ሄድሁ።

ማታ በቴሌግራም አዲሱን ላከችልኝ።

«ከተመረቅሁ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀምጬ በከባድ ችግር ላይ የምገኝ ሲሆን፣ ቤተሰቤም ተስፋው በእኔ ላይ በመሆኑ፣ ምንም ዓይነት የሥራ ልምድ ባይኖረኝም የተገኘውን ሥራ ሁሉ በማንኛውም ደመወዝ ለመሥራት ዝግጁ ስለሆንሁ፣ እግዚአብሔር ያክብራችሁና እንድትተባበሩኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።»

ይህ ጥፋት የእኔ ነው። «እኔ ምንም አይደለሁም» ማለትን እንደ ትሕትና ስናስተምር ኖረን፣ ትሕትና ጨምሪ ስትባል ልጅቱ ምን ትጨምር? ችግሯ ውሸት አይደለም፤ ቤታቸውን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ብዙ ማመልከቻ ከፊቱ ተከምሮ የሚለይ ሰው በዚህ ምን ያደርጋል? የተቸገረው ሁሉ ነው ያመለከተው። «የተገኘውን ሥራ ሁሉ» ሲል ደግሞ ማስታወቂያውን አላነበበችም ይላል፤ እነርሱ የሚፈልጉት ለአንድ መደብ አንድ ሰው ነው። «በማንኛውም ደመወዝ» የሚለውን ሳነብማ ፈራሁላት። በዚህ ቃል የሚጠቀምባት ቀጣሪ አይጠፋም።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ያልጠበቅሁትን ነገር አየሁ። አንዱ ራስን ይሰቅላል፣ ሌላው ራስን ይጥላል፤ ሁለቱም ግን ልጅቱ በእጇ የሠራችውን አንድ ነገር እንኳ አይናገሩም። በመጀመሪያው ላይ ቅጽሎቹን በእርሳስ ሰረዝሁ፤ «እኔ» ብቻ ቀረ። «ከሌሎች አመልካቾች ሁሉ የተሻልሁ» የሚለውም ልታውቀው የማትችለው ነገር ነው፤ ሌሎቹን አላየቻቸውም። በሁለቱም ወረቀቶች ላይ የሌላ ሰው ስም ብንፈርምበት ምንም አይጎድልበትም።

ሰኞ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተገናኘን። «በተግባር ልምምድሽ ሁለት ወር ምን ሠራሽ?» አልኋት።

«ምንም። ወረቀት ነው ሳደራጅ የነበረው።»

«ምን ወረቀት?»

ቀስ በቀስ ወጣ። የተለማመደችው በአንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ነው። ሒሳብ ሹሙ የሦስት ወር የባንክ ስቴትመንትና የድርጅቱን የሒሳብ መዝገብ ሰጥቷት አስታርቂ ብሏታል። ማስታረቅ ማለት በመዝገቡ ያለው ገንዘብ ከባንኩ ጋር ለምን እንደማይገጥም ምክንያቱን አንድ በአንድ ማግኘት ነው፤ ቼክ ተጽፎ ገና ያልተመነዘረ ይኖራል፣ ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ይኖራል። በሁለተኛው ወር እነዚህን ሁሉ ካወጣች በኋላ 180 ብር አልገጥም አላት። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ሲካፈል ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን እንደሚችል በትምህርት ቤት ሰምታለች፤ ማረጋገጫ አይደለም፣ የት እንደሚፈለግ ይጠቁማል እንጂ። 180 ለ9 ሲካፈል 20 ነው። ሰነዶቹን ስታገላብጥ 8,640 ብር የነበረ ገቢ በመዝገቡ 8,460 ተብሎ ተጽፎ አገኘችው።

«ታዲያ ይህ ምንም ነው?» አልኋት። ዝም አለች።

መጻፍ ጀመርን። በደስታ ብዛት «በድርጅቱ የባንክ ማስታረቂያ ሥራን በኃላፊነት መርቻለሁ» ብላ ጻፈች። ሒሳብ ሹሙ አይቶ ይፈርምበት አልነበረም ወይ? ነበር። እንግዲያው «በሒሳብ ሹሙ ቁጥጥር ሥር» ይባላል። ይህ ሐረግ ያሳንሰኛል ብላ ሰጋች። እኔ ግን ቃሉን የሚያስታምነው እርሱ ይመስለኛል፤ ለልምምድ የመጣች ልጅ ብቻዋን መራሁ ካለች አንባቢው የቀረውንም ይጠራጠራል። ቀጥላ «ከ1,000 በላይ ሰነዶች አደራጅቻለሁ» አለች። ቆጥረሻቸዋል? አልቆጠረችም። የሦስት ወር መሆናቸውን ግን እርግጠኛ ናት፤ ያንን ጻፍን።

የተከራከርነው በፒችትሪ ነው። ኮርስ ወስዳለች፣ በሥራ ላይ ግን ነክታው አታውቅም። «ከነጭራሹ ባንጠቅሰውስ?» አለች። ማስታወቂያው ባይጠይቅ ኖሮ እስማማ ነበር፤ የጎደለንን ሁሉ በመግቢያችን መዘርዘር የለብንም። እነርሱ ግን በስሙ ጠርተው ጠይቀዋል፤ ስለዚህ እስከ የት እንደምታውቀው ትናገር። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«በፋብሪካችሁ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት ለረዳት የሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ አመለክታለሁ። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። በአንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ ሳደርግ፣ በሒሳብ ሹሙ ቁጥጥር ሥር የአንድ የባንክ ሒሳብ የሦስት ወር ማስታረቂያ አዘጋጅቻለሁ፤ የእነዚሁኑ ወራት የገቢና የወጪ ሰነዶችም በቀን ቅደም ተከተል አደራጅቻለሁ። ፒችትሪን በኮርስ ተምሬያለሁ፤ በሥራ ላይ ገና አልተጠቀምሁበትም።»

«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውን አስወጣሁት። ርዕሱ ከላይ ተጽፏል፤ መሞከሩን ማንም አልጠየቀንም። «በትሕትና እጠይቃለሁ» ግን ከደብዳቤው መጨረሻ አንድ ጊዜ ቀርቷል፤ እዚያ ያገራችን የደብዳቤ ወግ ነው፣ ልመና አይሆንም። የ180 ብሩን ታሪክ ልጨምረው ብትልም ከለከልኋት፤ ለመግቢያ ይረዝማል፣ ለቃለ መጠይቅ ይቆይ አልኋት።

ለራሷ ጮክ ብላ እንድታነበው አደረግሁ። የመጀመሪያውን ስታነብ ፈገግ እያለች ነበር፣ ሁለተኛውን መጨረስ አልቻለችም። ይኼኛውን ግን ቀና ብላ አነበበችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሌሎች ጋር ለፈተና ተጠራች። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤዋን ይዞ «ማስታረቂያው አልገጥም ሲልሽ ምን ታደርጊ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። የ180 ብሩን ነገረችው። «ለ9 አካፈልሽው?» ብሎ ሳቀ አለችኝ።

ይህን ስጽፍ ውጤቱ ገና አልተለጠፈም።