ጥቁር ሆኖ የቀረ ማስረጃ

በዚህ ገጽ ስለ ሥልጣንና ስለ ሕግ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ አንዲት ጥቁር ምስል ነው። ነገሩ ከሥልጣን ጉዳይ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ፤ እንደማይርቅ ራሱ ያየዋል።

ባለፈው ወር የቤት ኪራይ 18,500 ብር ለአከራያችን በስልኬ ላክሁ። ገንዘቡ ከሒሳቤ ወዲያውኑ ተቀነሰ፤ እርሳቸው ዘንድ ግን አልደረሰም። የባንኩ መተግበሪያ «በሂደት ላይ» የሚል ጽሑፍ ከአንድ ረጅም የማጣቀሻ ቁጥር ጋር አሳየኝ። እኔም እንደ ማንኛውም የዚህ ከተማ ነዋሪ ስክሪን ሾት አንሥቼ ለእትዬ ልልክላቸው የማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንሁ። ስልኩ በደኅንነት መመሪያ ምክንያት ምስል ማንሣት እንደማይቻል የሚገልጽ አጭር መልእክት ብቅ አድርጎ መልሶ ሰወረው። ስክሪኑን በቪዲዮ ለመቅዳት ሞከርሁ። ቅጂውን ስከፍተው ከላይ ሰዓቱና የባትሪው ምልክት አሉ፤ ከእነርሱ በታች ያለው በሙሉ ጥቁር ነው። በማግሥቱ ጠዋት «በሂደት ላይ» የሚለው መስመር ከዝርዝሩ ጠፍቶ አደረ፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም።

ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ሄድሁ። በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ትሑት ወጣት «ጋሼ፣ ማስረጃ ይዘዋል?» አለኝ። ማስረጃውን እንዳልይዝ የከለከለኝ የእናንተው መተግበሪያ ነው ብዬ ነገርሁት። ፈገግ አለና «ለደኅንነትዎ ተብሎ ነው» አለኝ።

ይህ ጸሐፊ እንጀራውን የሚበላው ለስልክ ፕሮግራም በመጻፍ ነውና መልሱን ሰምቶ ዝም ማለት አልቻለም። ለመሆኑ ያ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?

በስልካችን ላይ አንድ ሙሉ ሥዕል የምናይ ይመስለናል እንጂ የምናየው ተደራርቦ የተዘጋጀ ነው። የላይኛው የሰዓትና የባትሪ መስመር አንድ ንብር ነው፤ መተግበሪያው ሌላ ንብር ነው፤ የጽሕፈት ሰሌዳው ሲወጣ ደግሞ ሦስተኛ ይሆናል። በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ እነዚህን ንብሮች ሰብስቦ አንድ ሥዕል የሚያደርግ ሰርፌስፍሊንገር የሚባል የስርዓቱ ክፍል አለ። ስክሪን ሾት ማለት እንግዲህ የመስታወቱን ፎቶ ማንሣት አይደለም፤ ይህንኑ ሰብሳቢ «አንድ ቅጂ ደግሞ ለእኔ አዘጋጅልኝ» ብሎ መጠየቅ ነው። ሰብሳቢውም ለእያንዳንዱ ንብር አንድ ነገር ይመረምራል፤ ንብሩ «ጥብቅ» የሚል ምልክት ካለበት ወደ መስታወቱ ያሳልፈዋል፤ ለቅጂ ሲጠየቅ ግን በቦታው ጥቁር ይሞላል። የእኔ የቪዲዮ ቅጂ ሰዓቱን አሳይቶ የባንኩን ገጽ ያጠቆረው ስለዚህ ነው፤ ሰዓቱ የስርዓቱ ንብር ነው፤ ምልክት የለበትም።

አንድ ወዳጄ ጥቁሩን ምስል በፎቶ ማስተካከያ ብናበራው ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይወጣ እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። አይወጣም። ጥቁሩ መጋረጃ አይደለም፤ ባዶ ነው። ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ የተመዘገበው ቁጥር 0 ነው፤ የተሰወረ ነገር ቢኖር ይገለጥ ነበር፤ እዚያ ግን የተጻፈ ነገር ፈጽሞ የለም።

ያን ምልክት የሚያኖረው ማን ነው? የስልኩ ባለቤት አይደለም፤ የስልኩ አምራችም አይደለም። የመተግበሪያው ጸሐፊ በአንዲት መስመር ያኖረዋል፦

```
getWindow().addFlags(
    WindowManager.LayoutParams.FLAG_SECURE);
```

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ይህ ምልክት የሚሰጠው ለአንድ መስኮት ነው እንጂ ለመላው ስልክ አይደለም። የምስጢር ቁጥር በሚጻፍበት ገጽ ላይ ማኖር፣ ደረሰኝ በሚታይበት ገጽ ላይ ደግሞ ማንሣት ይቻላል፤ ማንሻውም `clearFlags` የምትባል እንዲሁ አጭር ትእዛዝ ናት። ይሁን እንጂ ብዙ መተግበሪያዎች ገጾቻቸውን ሁሉ በአንድ መስኮት ውስጥ እየቀያየሩ ስለሚያሳዩ፣ ፕሮግራመሩ መስመሯን መግቢያው ላይ አንዴ ጽፎ ከተዋት ሁሉም ገጽ አብሮ ይቆለፋል። የምስጢር ቁጥሬና ደረሰኜ በአንድ ቁልፍ የተቆለፉት፣ እንደምገምተው፣ ከተንኮል ሳይሆን ከስንፍና ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ባንኩ መዝገቡ አለው፤ እኔ የለኝም።

ወጣቱ «ለደኅንነትዎ» ያለው ግን ከንቱ ቃል አልነበረም፤ ፍትሕ ይጠይቃልና ይህንንም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አንድሮይድ 5.0 ማንኛውም መተግበሪያ በባለቤቱ ፈቃድ ስክሪን እንዲቀዳ መንገድ ከፈተ። ፈቃዱ ደግሞ አንዲት «እሺ» ናት፤ እኛም «እሺ»ን ሳናነብ የምንጫን ሕዝብ ነን። ሌባ መተግበሪያ አንዴ ከገባ የሒሳብ ቁጥሩንም፣ ቀሪውንም፣ በመልእክት የሚመጣውን ኮድም እያየ ሊቀዳ ይችላል። ምልክቱ ይህን ሌባ ያሳውረዋል። በቅርብ የተከፈቱ መተግበሪያዎች በሚደረደሩበት ገጽ ላይም የሒሳባችሁን ትንሽ ምስል ያጠፋዋል፤ ስልካችሁን ለጎረቤት ስታውሱ ይህ ጥቅም አለው።

ነገር ግን ሌባው የሚገባበት ሌላ በር አለ። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብላቸው የተደራሽነት አገልግሎት የሚባል መንገድ በስልኩ ውስጥ አለ። እርሱ ምስል አይወስድም፤ የተጻፈውን ቃል በቃል ይወስዳል፤ ስለዚህ የጥብቅነቱ ምልክት አያግደውም። እ.ኤ.አ. በ2020 የደኅንነት አጥኚዎች ሰርበረስ የተባለው የባንክ ሌባ በዚሁ መንገድ የጉግልን የማረጋገጫ ኮዶች ሊሰርቅ እንደሚችል አጋልጠዋል። ሌባው ፈቃድ ካገኘ ያነብባል ማለት ነው፤ ባለቤቱ ግን የራሱን ደረሰኝ ማስቀረት አልቻለም።

በእኛ ከተማ የሚሰማ ሌላም ምክንያት አለ፤ ሐሰተኛ ስክሪን ሾት። የተከፈለ የሚመስል ምስል ሠርቶ ዕቃ ጭኖ የሚሄድ ሰው ባለ ሱቆችን አስለቅሷል። እውነት ነው። ይሁንና ስክሪን ሾት መከልከል ይህን አያድንም፤ ሐሰተኛው ምስል የሚሠራው በመተግበሪያው ሳይሆን በፎቶ ማስተካከያ ነውና። ባለ ሱቁን የሚያድነው የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ገንዘቡ መግባቱን ማየት ብቻ ነው።

ያን ሰሞን ልጄ በስልኳ ፊልም ስታይ «አባዬ፣ የእኔም ጠቆረብኝ» አለችኝ። የሚያስቅ ትዕይንት ለጓደኛዋ ልትልክ ነበር። ምስሏን ስመለከት የግርጌው ትርጉም በግልጽ ይነበባል፤ ማቆሚያውና ማስኬጃው ምልክት አለ፤ ተዋንያኑ ያሉበት አራት ማዕዘን ብቻ ጥቁር ነው። ይህ የሌላ ቁልፍ አሻራ ነው። ገጹ በሙሉ ከጠቆረ ወይም ስልኩ እምቢ ካለ የመስኮቱ ምልክት ነው፤ ቪዲዮው ብቻ ጠቁሮ ጽሑፉ ከቀረ ግን ቪዲዮው ለብቻው ተጠብቋል።

ፊልሙ ወደ ስልኩ የሚመጣው ተመስጥሮ ነው። እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ አገልግሎቶች በአንድሮይድ ላይ የሚጠቀሙበት መቆለፊያ ዋይድቫይን ይባላል። በጠንካራው ደረጃ፣ ማለትም በL1፣ ምስጢሩ የሚፈታው በፕሮሰሰሩ ውስጥ በተከለለ ክፍል ነው፤ የተፈታው ምስልም የሚቀመጠው አንድሮይድ ራሱ ሊያነብበው በማይችል የማኅደረ ትውስታ ስፍራ ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ መስታወቱ ይሄዳል። የባንኩ ነገር ትእዛዝ ነው፤ ሰብሳቢው ማየት እየቻለ አላሳይም ይላል። የፊልሙ ነገር ግን ግንብ ነው፤ ስክሪን ሾት የሚያነሣው ፕሮግራም ፊልሙን ፈጽሞ አያገኘውም። የግርጌው ጽሑፍ የቀረው መተግበሪያው ራሱ በሌላ ንብር ላይ ስለሚጽፈው ነው። ይህ ክልል የሌለው ስልክ L3 ይባላል፤ ኔትፍሊክስም ለእንዲህ ያለው ስልክ ጥራቱ ዝቅ ያለውን ምስል ብቻ ይሰጠዋል። ስልካችሁ የትኛው እንደሆነ በኔትፍሊክስ ማስተካከያ ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለፊልም ባለቤቶች ስል አላለቅስም፤ የሸጡት ማየትን እንጂ መቅዳትን አይደለምና ግንባቸው ይገባኛል። ደረሰኜ ግን የእኔ ነው።

ቁልፉ በተጠቃሚው እጅ ሲሆንስ ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ፣ የማይክሮሶፍት ሪኮል የሰዎችን ስክሪን በየጥቂት ጊዜው ምስል እያነሣ እንዳያከማች ሲል በዊንዶውስ 11 ላይ ተመሳሳይ መከልከያ አኖረ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የማይፈልገው ሰው ማስተካከያውን ከፍቶ ማጥፋት ይችላል። መቆለፊያው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ እዚያ ዜጋውን ይጠብቃል፤ እዚህ ዜጋውን ይከለክላል።

በአይፎን የእኅቴ ልጅ ያንኑ መተግበሪያ ከፍቶ ደረሰኙን ያለ ችግር አነሣው። አፕል ለመተግበሪያዎች እንዲህ ያለ ይፋዊ መከልከያ አልሰጠም፤ ምስል ከተነሣ በኋላ ብቻ «ተነሥቷል» ብሎ ይነግራቸዋል። እልከኛ ፕሮግራመሮች ግን ገጹን በምስጢር ቃል መጻፊያ ሣጥን ውስጥ ሸሽገው ያጠቁሩታል፤ የዚህኛው ባንክ ሰዎች እስከዚያ አልደከሙም። «ለደኅንነትዎ» የተባለው ነገር በአንዱ ስልክ ኖሮ በሌላው አለመኖሩን ለወጣቱ ባነሣበት ኖሮ ምን ይለኝ እንደነበር እንጃ።

የእኔ ጉዳይ የተፈታው ከዚህ ሁሉ ጥበብ ውጭ ነው። በመጀመሪያው ማታ ልጄ ሳልነግራት በስልኳ ካሜራ የእኔን ስልክ ፎቶ አንሥታው ነበር። ካሜራ ሰብሳቢውን አይጠይቅም፤ ብርሃን ነው የሚይዘው። ፎቶው ላይ የጣቴ ጥላ አርፎበታል፤ አምፖሉም አንጸባርቆበታል፤ የማጣቀሻው ቁጥር ግን ይነበባል። ይዤው ስሄድ ወጣቱ ፎቶውን እንደ ማስረጃ መቀበል እንደማይፈቀድለት ነገረኝ። ከዚያ ቁጥሩን ከፎቶው ላይ አይቶ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ጻፈው፤ ክፍያውም በአንድ ጊዜ ወጣ።

ገንዘቡ በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ ሒሳቤ ተመለሰ። እትዬ እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን በሬን አላንኳኩም። አሁን ከስልኬ አጠገብ ትንሽ ደብተር አለች፤ ገንዘብ በላክሁ ቁጥር የማጣቀሻውን ቁጥር በእስክሪብቶ እጽፍባታለሁ።

ቸር እንሰንብት።