ለመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የሚሆን የእጅ ሰዓት

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተጠራ ልጅ፣ ወንድም ወይም የትዳር ጓደኛ በቤትህ ይኖር ይሆን? ፈታኞች ፊት ተቀምጦ ሰዓት ለማየት ሞባይል ማውጣት ደስ አይልም። ስለዚህ ከጫማውና ከሸሚዙ ቀጥሎ የእጅ ሰዓት ይታሰባል። ባለፈው ዓመት የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ለቃለ መጠይቅ ሲመጣ፣ ሰዓት የመረጥነው አብረን ነበር።

ልጁ መጀመሪያ ያነሣው ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ ስፋቱ 44 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰዓት ነው። «ጋሼ፣ ይሄኛው ውድ ይመስላል» አለኝ። እኔ ግን እጁን በክር ለካሁት፤ ክሩ በማስመሪያ ላይ 16 ሳንቲ ሜትር ሆነ። እንዲህ ላለ ቀጭን እጅ ከ34 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሰዓቱን እጅህ ላይ አድርገህ ከላይ ወደ ታች ተመልከት፤ ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ጫፎች ከእጅ አንጓህ ወርድ ከወጡ ሰዓቱ ትልቅ ነው። ውፍረቱም 1 ሳንቲ ሜትር ባይሞላ ይመረጣል፤ ከበለጠ የሸሚዙ እጅጌ ላዩ ላይ ይቆለፋል። የተቀባው ወርቃማ ቀለም ደግሞ እጅጌ በሚያሻሸው ጠርዝ በኩል ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ 36 ሚሊ ሜትር የሆነውን ብርማ መረጥን።

ማሰሪያው ከጫማና ከቀበቶ ጋር ይስማማ። የልጁ ጫማ ጥቁር ስለነበር ጥቁር ቆዳ ወሰድን። ቆዳ ነው የተባለውን ማሰሪያ ጠርዙን አይተህ ለስለስ አድርገህ እጠፈው፤ ስስ ፕላስቲክ በጨርቅ ላይ የተለጠፈ ከሆነ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል ወይም ይላጣል። ቆዳ ላብና ውኃ አይወድም፤ እጅ ስትታጠብ አውልቀው። ሲያረጅ ማሰሪያውን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ስለ ገጹ ቀለም፣ ነጭ ገጽ ላይ ጥቁር ቆጣሪ ያለበት በአንድ እይታ ይነበባል። ጥቁር ገጽም መልካም ነው፤ ቆጣሪዎቹ ግን ብርማ ይሁኑ። ጥቁር በጥቁር ከሆነ ፈዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ማፍጠጥ ያስፈልጋል፤ ፈታኙም ልጁ የሰለቸው ሊመስለው ይችላል። ቀን የሚያሳይ መስኮት ያለበትን ተውነው። የሰዓቱ ቀን እስከ 31 ይቆጥራል፤ የእኛ ወር ግን 30 ነው፤ ጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ናት። በየወሩ ካልተስተካከለ የተሳሳተ ቀን ያሳያል።

ከመክፈላችን በፊት በሞባይል ሞላነው። ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ስለነበር አጭሩ ቆጣሪ 3 ላይ እንዲውል በአገራችን አቆጣጠር አደረግነው። የልጁ ሞባይል በዚያው ሰዓት 9:00 ይል ስለነበር ሁለቱን እንዳያምታታ አስታወስነው። በማግስቱ ከሞባይሉ ጋር ስናስተያየው አልዘገየም፤ በአንድ ሌሊት ደቂቃ የሚያጎድል ባለ ባትሪ ሰዓት ግን ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ውስጡ ችግር አለበት።

ከትልቁ ሰዓት ዋጋ በተረፈው ገንዘብ ጫማውን አስጠገንን፤ የመመለሻ ትራንስፖርቱንም ያዝንለት።