«አልተመረጡም» ለሚል ኢሜይል መልስ ይጻፋል?

ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። በእኛ ጊዜ ስማችንን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ካጣነው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ዛሬ ለልጆቹ በስልካቸው ኢሜይል ይመጣላቸዋል። «ለሰጡን ጊዜ እናመሰግናለን፤ በዚህ ጊዜ ግን ሌላ ተወዳዳሪ መርጠናል፤ ማስረጃዎን ለወደፊት ክፍት የሥራ ቦታዎች እናስቀምጣለን» ይላል። ልጁ አንብቦ ስልኩን ይገለብጠውና ዝም ይላል። እኛም «ተወው፣ ያንተ እንጀራ እዚያ አልነበረም» ብለን እናጽናናዋለን። ማጽናናቱ ደግ ነው። ነገር ግን ለዚህ ኢሜይል መልስ መጻፍ እንደሚቻል፣ አንዳንዴም ትርፍ እንዳለው የሚነግረው ሰው ብዙም የለም።

ትርፉ ምን እንደሆነ የማውቀው ከወዲያኛው ወገን ተቀምጬ ስላየሁት ነው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በአንድ የግል ሆስፒታል የነርሶች ኃላፊ ሳለሁ ለዓመታት የቅጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። የጽሑፍ ፈተናውና የቃለ መጠይቁ ነጥብ ይደመራል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። አንደኛው ይጠራል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተጠባባቂ ይሆናሉ። ብዙ ጊዜ በሁለተኛውና በአንደኛው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ነው።

ቤተሰብ የማያየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የተመረጠው ሰው ደመወዙን ሰምቶ ይቀራል፤ ወይም በዚያው ሳምንት ሌላ ቦታ ያገኛል፤ ወይም ሥራ ጀምሮ በሙከራ ጊዜው ይለቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ወገን በቀላሉ ሊለያዩ ይችላሉ። ያኔ ክፍሉ ሰው ያጣል፤ የሌሊት ተረኛ ይጎድላል። እንደገና ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ማስረጃ ሰብስቦ፣ ፈትኖ መቅጠር ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ፋይሉን ታወጣና አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ሁለተኛዋ እስካሁን ሥራ ትፈልጋለች ወይ?» ትደውላለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ወይም ልጅቱ ሌላ ቦታ ገብታለች። ወይም ሠራተኛዋ «ባለፈው ስላልወሰድናት ተቀይማ ይሆናል» ብላ ጨርሶ አትደውልም።

የመልሱ ደብዳቤ ሥራው ይህችን አንዲት ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ነው። «አልተቀየምኩም፤ አሁንም እፈልጋለሁ፤ የምገኘው በዚህ ስልክ ነው» ይላል። ከዚያ በላይ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ የተሰጠን ነጥብም አይለውጥም።

የእህቴን ልጅ ጉዳይ ልንገራችሁ። በነርስነት በዲግሪ ተመርቃ አሥራ አራት ወር ያለ ሥራ ተቀምጣለች። እናቷ ብቻዋን ያሳደገቻት ናት፤ የቤት ኪራዩም በእናቷ ትከሻ ላይ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለእናቶችና ሕፃናት ጤና ፕሮጀክቱ ሁለት ነርሶች ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። የጽሑፍ ፈተናውን አልፋ ለቃለ መጠይቅ ቀረበች። ከአሥር ቀን በኋላ ያ ኢሜይል መጣ። እኔ ቤት መጥታ አሳየችኝና «እክስት፣ አሁን ምን ይባላል?» አለችኝ።

በመጀመሪያ ኢሜይሉን ከነአድራሻው አነበብነው። የመጣው noreply ከሚል አድራሻ ነው። እንዲህ ካለ አድራሻ የመጣ መልእክት በማሽን የሚላክ ነው፤ መልስ ቢጻፍለትም የሚያየው ሰው የለም። ለቃለ መጠይቁ የጠራት ኢሜይል ግን የላከችው የሰው ኃይል ባለሙያ ስምና አድራሻ ነበረበት። መልሱ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው። አዲስ ኢሜይል ከመክፈት ይልቅ በዚያው ኢሜይል ላይ መልስ መስጠት ይሻላል፤ ምክንያቱም የሥራ መደቡ ስምና የማስታወቂያው ቁጥር ከርእሱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ተቀባይዋ ማን እንደጻፈችላት ለማወቅ አትቸገርም።

ከዚያ ልጅቱ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጻፈች፤ አንድ ገጽ ሞላ። ፈተናውን ጥሩ እንደሠራች፣ ለምን እንዳልተመረጠች ማወቅ እንደምትፈልግ፣ እናቷ ብቻዋን እንደምታስተዳድር፣ ማንኛውንም ሥራ በማንኛውም ደመወዝ ለመሥራት ዝግጁ እንደሆነች ይላል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ኮሚቴ ላይ ለተቀመጠ ሰው ሲደርስ እንዴት እንደሚነበብ ነገርኳት። «ለምን አልመረጣችሁኝም» የሚለው ክስ ይመስላል፤ የሰው ኃይል ባለሙያዋም ክስ ሲመጣ ለአለቃዋ ታስተላልፋለች እንጂ መልስ አትጽፍም። የቤቱ ችግር ያሳዝናል፤ ግን የትኛው ክፍል እንደሚመድባት አይነግርም። «ማንኛውም ሥራ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይጎዳል። ባለሙያዋ ነርስ ስትፈልግ የምታስታውሰው ነርስነት የጠየቀችውን ነው።

ሁለተኛው ረቂቅ ስድስት ዓረፍተ ነገር ሆነ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡ በአማርኛ እንዲህ ነበር፦

«ውጤቱን ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ቦታውን ባላገኝም በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ጤና ኬላዎች ክትትል የተነጋገርነው ለሥራው ያለኝን ፍላጎት ጨምሮታል። በእናቶችና ሕፃናት ጤና ወይም በክትባት ፕሮጀክት ላይ ለነርስ የሚሆን ቦታ ቢከፈት፣ ለአጭር ጊዜ ኮንትራትም ቢሆን፣ እንድታስቡኝ እጠይቃለሁ። ከአዲስ አበባ ውጭ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። የሙያ ፈቃዴ የታደሰ ነው። የምገኝባቸው ሁለት ስልኮች ከታች አሉ።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥራ አለው። የቃለ መጠይቁ ነገር የተጠቀሰው ባለሙያዋ ከብዙ ተወዳዳሪዎች መካከል ፊቷን እንድታስታውስ ነው። የአጭር ጊዜ ኮንትራት የተጠቀሰው እንዲህ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ በችኮላ ስለሚሞላና ያኔ መጀመሪያ የሚታየው በእጅ ያለ ስም ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ስልክ የእናቷ ነው፤ የወጣቶች ቁጥር ቶሎ ይለዋወጣል፣ የእናት ግን አይጠፋም። ማስረጃዎቿን ሁሉ እንደገና አላያያዘችም፤ አስቀድሞ እዚያ አለና። ደብዳቤውን በማግስቱ ላከች። አንድ ሁለት ቀን ማደሩ ንዴቱን ያበርዳል፤ ከአንድ ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ፋይሉ ተዘግቶ ሌላ ቅጥር ይጀመራል።

ባለሙያዋ በሦስተኛው ቀን በሁለት መስመር መለሰችላት፦ «አመሰግናለሁ፤ ስምሽን ይዤዋለሁ።» እንዲህ ያለ መልስ ቃል ኪዳን አይደለም፤ ደብዳቤው ሰው እጅ መድረሱን ግን ይናገራል። ከዚያ ሁለት ወር ተኩል ዝምታ ሆነ። በዚህ መካከል ልጅቱ ሌሎች ቦታዎች ማመልከቷን አላቆመችም፤ እንዳታቆምም ነግሬአት ነበር። ከዚያ በእናቷ ስልክ ተደወለ። ለክትባት ሥራ የስድስት ወር ኮንትራት ነበር። እንደ አዲስ አመልክታ እንደገና ቃለ መጠይቅ ተቀመጠች፤ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ተወዳድራ አለፈች። ደብዳቤው ሥራውን አልሰጣትም፤ ከአራቱ አንዷ አድርጎ አስጠራት። ለሌላ ድርጅት የጻፈችው ተመሳሳይ ደብዳቤ ደግሞ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ይህም የተለመደ ነው።

ደብዳቤው ብዙም የማይጠቅምበት ቦታም አለ። ልጃችሁ ለፈተና ሳይጠራ በማስረጃ ማጣራት ላይ ከቀረ፣ ለምሳሌ ሦስት ዓመት ልምድ ተፈልጎ አንድ ዓመት ብቻ ካለው፣ የጎደለው ነገር እስኪሟላ ድረስ ስሙ ቢቀመጥም አይጠራም። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቅጥሩ በማስታወቂያና በነጥብ ስለሆነ፣ ተጠባባቂ ማለት በቃለ ጉባኤው ላይ የተመዘገበው ሰው ነው፤ በኢሜይል የሚጨመር የለም። እዚያ መጠየቅ ያለበት «በተጠባባቂነት ተይዣለሁ ወይ? እስከ መቼ?» ተብሎ ነው፤ የሚጠየቀውም ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው። ደብዳቤው የበለጠ የሚሠራው ልጁ እስከ ቃለ መጠይቅ ከደረሰና ድርጅቱ ተመሳሳይ ሥራ ደጋግሞ የሚቀጥር ከሆነ ነው፤ ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ባንኮችና የእርዳታ ድርጅቶች እንዲህ ናቸው።

አንዴ ከተላከ በኋላ መጎትጎት አያስፈልግም። ሦስት ወር ገደማ ካለፈ፣ ወይም አዲስ ነገር ከመጣ፣ ለምሳሌ ሥልጠና ከተጨመረ ወይም ስልክ ከተቀየረ፣ በዚያው ኢሜይል ላይ ሁለት መስመር መጨመር ይበቃል። ድርጅቱ አዲስ ማስታወቂያ ካወጣ ደግሞ «ስሜ እዚያ አለ» ብሎ መቀመጥ አይገባም። እንደ ማንኛውም ሰው ማመልከት፣ ከዚያም ማመልከቱን ለዚያችው ባለሙያ በአንድ መስመር ማሳወቅ ነው።

ለእኛ ለወላጆችና ለአያቶች የሚቀርልን ሥራ ማንበብና ማሳጠር ነው። ጽሑፉን ጮክ ብሎ እንዲያነብልን እንጠይቀው፤ ልመና ወይም ቅያሜ ያለበት ቦታ በድምፁ ይታወቃል። እኛ ግን አንጻፍለት፤ አንደውልለትም። ኮሚቴ ላይ ሳለሁ ስለ ልጃቸው የሚደውሉ አባቶችና እናቶች ነበሩ፤ ጭንቀታቸው ይገባኝ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ግን ጠረጴዛው ዙሪያ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ታማሚ ፊት ስትቆምስ ማን ሊናገርላት ነው?»