ዕቁቡ የት ገባ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከነባለቤቱ የጻፉትን ደብዳቤ በቴሌግራም ላኩልኝ። ሒሳብ አያያዝ ማስተማር ካቆምኩ በኋላ የቤተሰብ ገንዘብ ዕቅድ እንደማወጣ ስለሚያውቁ ነው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ተስማምተን ታሪኩን ለእናንተ እንዳካፍል ፈቅደውልኛል።

ደብዳቤው በሁለት እጅ ጽሑፍ ነው የተጻፈው። የሁለቱ የተጣራ ደሞዝ 32,000 ብር። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርትና የልጅ ትምህርት ቤት ተደምሮ 22,000። ለሠርግ ከባንክ የተበደሩት በ17 በመቶ ወለድ፣ ቀሪው 80,000፣ በወር 4,000 ይከፍላሉ። ውጭ ያለችው የባል እህት በ2015 ያበደረቻቸው 110,000 ብር፣ «ያለ ወለድ»። ባንክ ያስቀመጡት 60,000፣ በ7 በመቶ። ግባቸው ቤት፣ መኪና፣ አክሲዮን። ጥያቄያቸው ደግሞ «ቲቸር፣ በወር የሚተርፈንን 6,000 ብር ስንት ስንት በመቶ እናድርገው?» የሚል ነው።

ከታች በሚስት እጅ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ግን 6,000 ሲተርፍ አይተን አናውቅም።»

እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነው አልኩና ደወልኩላቸው። እሱ እሷ ለቤተሰቦቿ የምትልክ ይመስለዋል። እሷ እሱ ከጓደኞቹ ጋር የሚያጠፋው ይመስላታል። በግልጽ ግን አልተነጋገሩም። «ዕቁብ አላችሁ?» አልኳቸው። «አዎ፣ በሳምንት 1,000፣ በ22ኛው ሳምንት ደርሶን ፍሪጅና ሶፋ ገዛንበት» አሉኝ። ታዲያ ደብዳቤው ላይ የት አለ? «እሱማ ዕዳ አይደለም!»

ነው እንጂ። ዕቁብ መጨረሻ ላይ ለሚደርሰው ቁጠባ ነው፤ ቀድሞ ለደረሰው ግን ወለድ የሌለው ብድር ነው። 52 ሳምንት ከሆነና 22ቱ ካለፈ፣ የ30 ሳምንት ማለትም 30,000 ብር ዕዳ አለባቸው። በሳምንት 1,000 ደግሞ በወር ሲመታ 4,333 ገደማ ነው። ከ6,000 ሲቀነስ 1,667 ብቻ ይቀራል። ማንም አልሰረቀም። ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም ተባባሉ፣ ከዚያ እሷ ሳቀች።

ሁለተኛው ነገር የእህት ብድር ነው። የላከችው 2,000 ዶላር ነበር፣ ያኔ በ55 ብር ገደማ ሲመነዘር 110,000። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ያው 2,000 ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። «በብር ነው የምትመልሱት ወይስ በዶላር? ጠይቃችኋታል?» አልኩ። አልጠየቁም። «ደውሉላት፣ ከዚያ እናወራለን» ብዬ ዘጋሁት።

ደወሉ። ለካ እሷ አገር ቤት ተመልሳ ሱቅ ለመክፈት ስታስብ ከርማለች፤ ገንዘቡን በዶላር ቆጥራ ስትጠብቅ አፍራ አልተናገረችም። ስለዚህ ያ «ያለ ወለድ» የተባለው ዕዳ በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ከዚያ ድልድሉን እንዲህ አልኳቸው። ከ60,000ው ግማሹን ለባንኩ ክፈሉ። በ7 በመቶ እያስቀመጡ በ17 በመቶ መበደር በየዓመቱ ከመቶ ብር 10 ብር መጣል ነው። ወርሃዊውን 4,000 ካልነካችሁት 24 ወር ይፈጅ የነበረው ብድር በ14 ወር ገደማ ያልቃል። ግን አስቀድማችሁ ባንኩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቀድሞ በመክፈል ቅጣት አለ ወይ? የሚያጥረውስ ጊዜው ነው ወይስ ወርሃዊ ክፍያው የሚቀንሰው? ጊዜው እንዲያጥር በጽሑፍ አስይዙ። የቀረውን 30,000 አትንኩት፤ ሕመም ወይም ሥራ ማጣት ቢመጣ የአንድ ወር ወጪያችሁ ነው።

1,667ቱ ለመስከረም የልጅ ምዝገባና ዩኒፎርም ይጠራቀም። ዕቁቡ ከሰባት ወር በኋላ ሲያልቅ 4,333ቱ በየወሩ ለእህት ይሁን፣ ዶላር ባንቀሳቀሰ ቁጥር ዕዳው ስለሚንቀሳቀስ። ባንኩ ሲያልቅ ደግሞ 4,000ውም ይጨመርለት። የቤት ቁጠባ የሚጀመረው ከእሷ በኋላ ነው። አክሲዮንም ያኔ ይታያል። መኪናውን ከዝርዝሩ አወጣሁት። ባል ትንሽ ከፋው፣ «ቲቸር፣ ቪትዝ እንኳን?» አለኝ። ቪትዝም ቢሆን ነዳጅ ይጠጣል አልኩት።

ትናንት ማታ ሚስት መልእክት ላከችልኝ፦ «ቲቸር፣ ዕቁብተኞቹ አዲስ ዙር ሊጀምሩ ነው፣ ግቡ እያሉን ነው።» ግቡ አልኳት፣ ግን የእህት ዕዳ ካለቀ በኋላ፣ ዕጣውንም መጨረሻ ላይ የሚደርሳችሁ አድርጋችሁ ተስማሙ።

እስቲ እናንተም ዛሬ ማታ ዕዳችሁን ጻፉት። የደረሳችሁ ዕቁብ ዝርዝሩ ውስጥ አለ?